የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲነዝር፦ ኧርዝ ብቻውን ለምን አይበቃም

ምጣዱ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ኤሌክትሪክ ወደ ብረት አካሉ እያመለጠ ነው። ብዙውን ጊዜ በሸክላው ቦይ ውስጥ ያለው ሽቦ ላልቶ ብረቱን ነክቷል፣ ወይም ሊጥ ፈስሶ ሸክላው ርሷል። ከእርጥበት የመጣው ንዝረት ምጣዱ ሲግል ይጠፋና በሌላ ቀን ይመለሳል፤ ስለዚህ ተሻለው ብሎ መተው አያዋጣም። ነጠላ ጫማ አድርጎ መጋገርም ጥገና አይደለም።

ብሬከሩን አጥፉና ስፒናውን ንቀሉ። ስፒናውን ስትከፍቱ ሦስት ሽቦ መኖር አለበት፤ ቢጫና አረንጓዴው ኧርዝ ሲሆን ሌላው ጫፉ የምጣዱ አካል ቀለም ተፍቆ በንጹሑ ብረት ላይ መታሰር ይገባዋል። ሁለት ሽቦ ብቻ ካለ ገመዱን ቀይሩ። ኧርዝ በሌለው ቤት ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ የሚያገናኙ ሠራተኞች አሉ። ይህን ካያችሁ አስፈቱት፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ምጣዱ ራሱ 220 ቮልት ይሸከማል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ግቢ ውስጥ የኧርዝ ዘንግ ከተቀበረ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ዘንጉ በደረቅ አፈር ውስጥ 20 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። የምጣዱ ሽቦ ብረቱን ሲነካ 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ወደ መሬት ይፈሳል። የምጣዱ ብሬከር ግን 20 አምፔር ነው፤ 11ዱ ምንም አይመስለውም። ብረቱ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል፣ ቆጣሪውም ይቆጥራል።

ይህን ክፍተት የሚዘጋው አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ነው። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያወዳድራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ዘንጉ 500 ኦም ቢሆን እንኳ የሚፈሰው 440 ሚሊ አምፔር ስለሆነ አርሲዲው ይወርዳል። ስትገዙ 30 ሚሊ አምፔር የሚለውን ፈልጉ፤ 300 የሚለው ለእሳት መከላከያ እንጂ ለሰው አይደለም። አርሲዲ ብሬከሩን አይተካም፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ገጠማውን ለባለሙያ ስጡ።

በየወሩ «T» የሚለውን ቁልፍ ጫኑ፤ ካልወረደ ይቀየር። ቁልፉ ግን መሣሪያውን እንጂ የኧርዝ ሽቦውን አይፈትሽም።

አርሲዲው እየወረደ ካስቸገረ ዕቃዎቹን ሁሉ ነቅላችሁ አርሲዲውን መልሳችሁ አንሱትና አንድ በአንድ ሰኩ። ምጣዱ ሲሰካ ብቻ ከወረደ ጥፋቱ የምጣዱ ነው። ምንም ሳይሰካ ከወረደ የቤቱ መስመር ይፈተሽ። አርሲዲውን አልፎ በቀጥታ መስመር የሚዘረጋላችሁን ሠራተኛ አሰናብቱት። ደግሞም በአንድ እጅ ፌዝ፣ በሌላው ኒውትራል የያዘን ሰው አርሲዲ እንደ ምጣድ ይቆጥረዋልና አይቆርጥም፤ ክፍት ገመድ ላይ ሲሠራ ዋናው ብሬከር መጥፋት ያለበት ለዚህ ነው።