የፓምፕ ሞተርና የካፓሲተር ከረንት እንዴት ይደመራል? የፌዘርና የኢምፒዳንስ ስሌት በአንድ ምሳሌ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳርቻ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ አንድ ገበሬ የውሃ ፓምፓቸው ብዙ ከረንት ይስባል ብለው ጠሩኝ። ከሞተሩ ጎን 50 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በትይዩ አገናኘሁና በክላምፕ ሜትር ለካሁ። ወደ ሞተሩ የሚገባው 4.4 አምፔር፣ ወደ ካፓሲተሩ የሚገባው ደግሞ 3.46 አምፔር ሆነ። ሁለቱን ደምሬ ዋናው ገመድ 8 አምፔር ገደማ ይሸከማል በማለት ወፍራም ገመድ እንዲገዙ አደረግኋቸው። ገመዱ ከተገዛ በኋላ ግን ዋናውን መስመር ስለካው ሜትሩ ያሳየው 2.6 አምፔር ብቻ ነበር። ሜትሩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የእኔ ድምር ነው። ትክክለኛው አደማመር እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ የስሌቱን መነሻ እንወስናለን። በአገራችን መስመር ፍሪኩዌንሲው 50 ሄርትዝ ስለሆነ፣ በቀመሮቹ ውስጥ ω ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር 2π × 50፣ ማለትም 314 ነው። ቮልቴጁን 220 ብለን አንግሉን ዜሮ እናደርጋለን፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ አንጻር ይለካል። ሜትር የሚያሳየው የሞገዱን ጫፍ ሳይሆን አርኤምኤስ የሚባለውን ዋጋ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው እንሠራለን።

ቀጥሎ የሞተሩን ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ከረንት ያለውን አጠቃላይ ተቃውሞ፣ እናገኛለን፤ በቀመር Z ተብሎ ይጻፋል። ለዚህ ኦም ሜትር መጠቀም ትልቅ ስህተት ነው፤ ኦም ሜትር የሚለካው የመዳብ ሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ሲሆን፣ ሞተሩ ውሃ ሲገፋ የሚወስደውን ኃይል አያይም። ስለዚህ ፓምፑ በሥራ ላይ እያለ ቮልቱን፣ አምፔሩንና ዋቱን መለካት ያስፈልጋል። ዋት ሜትር የሌለው ሰው ቢዋስ እንጂ በግምት ባይሠራ እመርጣለሁ። በዚያ ፓምፕ ያገኘሁት 220 ቮልት፣ 4.4 አምፔርና 581 ዋት ነበር።

```
|Z| = 220 / 4.4      = 50 Ω
R   = 581 / 4.4²     = 30 Ω
X   = √(50² − 30²)   = 40 Ω
Z   = 30 + j40
```

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው j በምትባለው ፊደል ነውና። በሬዚስተር ውስጥ ቮልቴጅና ከረንት አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። በጥቅል ሽቦ፣ ማለትም በኢንዳክተር፣ ከረንቱ ከቮልቴጁ ሩብ ዑደት ወደኋላ ይቀራል። በካፓሲተር ደግሞ ከረንቱ ሩብ ዑደት ይቀድማል። ሩብ ዑደት 90 ዲግሪ ነው። አንድን ከረንት እንደ ቀስት ብናስበው፣ ርዝመቱ የአምፔሩን መጠን፣ አቅጣጫው ደግሞ የቀደመበትን ወይም የዘገየበትን አንግል ያሳያል፤ ይህ ቀስት ፌዘር ይባላል። በ j ማባዛት ቀስቱን 90 ዲግሪ ወደፊት ማዞር፣ በ −j ማባዛት ደግሞ ያንኑ ያህል ወደኋላ ማዞር ነው። ስለዚህ የኢንዳክተር ኢምፒዳንስ jωL፣ የካፓሲተር −j/(ωC)፣ የሬዚስተር ደግሞ R ብቻ ይሆናል። በሞተራችን 40 ኦሙ የጥቅሉ ድርሻ ሲሆን፣ በ 314 ሲካፈል 0.127 ሄንሪ ገደማ ይሰጣል።

አሁን የኦምን ሕግ እንደወትሮው እንጠቀማለን፤ ልዩነቱ ማካፈሉ ላይ ነው። 220ን በ 30 + j40 ለማካፈል፣ ላይና ታቹን በ 30 − j40 እናባዛለን፤ ታች 30² + 40²፣ ማለትም 2500 ይቀራል።

```
I_M = 220 (30 − j40) / 2500 = 2.64 − j3.52
```

የዚህ ቀስት ርዝመት 4.4 ነው፤ ሜትሩ ካሳየው ጋር ይስማማል። ካልኩሌተር በርዝመትና በአንግል ቢሠራ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሲደመር መልሶ መቀየር ስለሚያስፈልግ እኔ በዚህ መልክ መሥራቱን እመርጣለሁ። የ j ክፍል ነጌቲቭ ካልሆነ አንድ ቦታ ምልክት ተገልብጧል ማለት ነው፤ የሞተር ከረንት መዘግየት አለበትና።

የካፓሲተሩ ከረንት ቀላል ነው፦ 220 × 314.16 × 0.00005 = 3.46፣ ቀዳሚ ስለሆነ +j3.46 ተብሎ ይጻፋል። ድምሩ እንግዲህ እንዲህ ይመጣል፦

```
I = 2.64 − j3.52 + j3.46 = 2.64 − j0.06
```

የ j ክፍሎቹ ተቃራኒ ስለሆኑ ሊጠፋፉ ምንም አልቀራቸውም፤ ዋናው መስመር የሚሸከመው 2.64 አምፔር ብቻ ነው። ቀሪው 3.5 አምፔር የሚጠጋ ከረንት በካፓሲተሩና በሞተሩ መካከል ይመላለሳል፤ ከረጅሙ ገመድ ግን ወጥቷል። በገመዱ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት የከረንቱን ካሬ ስለሚከተል፣ ወደ 36 በመቶ ይወርዳል።

የ j ክፍሉን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ግን አልመክርም። በ 40 ማይክሮ ፋራድ መስመሩ 2.75 አምፔር ይሸከማል፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ካፓሲተሩ ከሞተሩ ጋር አብሮ በአንድ ማብሪያ ሲቋረጥ፣ ገና በመዞር ላይ ያለው ሞተር ከበዛ ካፓሲተር ጋር ሆኖ ራሱ ቮልቴጅ ሊያመነጭ ይችላል። ካፓሲተሩም ከተቋረጠ በኋላ ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ፣ ማራገፊያ ሬዚስተር ሳይገጠምለት በእጅ መንካት አደገኛ ነው። በሞተሩ አካል ላይ የተገጠመው የራሱ ካፓሲተር ሌላ ሥራ ስላለው አይነካም።

ይህ ስሌት የሚሠራው ፍሪኩዌንሲው አንድ ሲሆንና ሞተሩ ተረጋግቶ ሲሠራ ነው። በሚነሣበት ቅጽበት ያለውን ከረንት አይነግርም። የሞገዱ ቅርጽ ንጹሕ ሳይን ባልሆነ ርካሽ ኢንቨርተር ላይም አይታመንም፤ በሞገዱ ውስጥ የተደባለቁት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች በካፓሲተሩ በቀላሉ ስለሚያልፉ፣ የካፓሲተሩ ከረንት ከተሰላው በላይ ይሆናል።

ገበሬው ሁለተኛ ቅሬታም ነበራቸው፦ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ አነስተኛ ነው። ከቆጣሪው እስከ ሐይቁ 300 ሜትር የሚሄደው አሮጌ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፣ ደርሶ መልሱ 4.2 ኦም ገደማ ነበር። ካፓሲተሩ ከረንቱን ስለቀነሰ ቮልቴጁም ይሻሻላል ብዬ ነበር፤ ፌዘር ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሞተሩ ጋ 220 ቮልት እንዲደርስ ከቆጣሪው ስንት መነሣት እንዳለበት እናስላ፦

```
ያለ ካፓሲተር:     220 + 4.2 (2.64 − j3.52) = 231.1 − j14.8 → 231.6 V
ከካፓሲተር ጋር:   220 + 4.2 × 2.64 = 231.1 V
```

በመጀመሪያው ሁኔታ በገመዱ ላይ የሚቀረው ቀስት 18.5 ቮልት ርዝመት ቢኖረውም ወደ ጎን ስላዘነበለ፣ ከቮልቴጁ የሚቀንሰው በቮልቴጁ አቅጣጫ ያለው 11.1 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ካፓሲተሩ አይነካውም፤ የሚቀንሰው የገመዱ ሬዚስታንስ ሲያንስ ነው። በተሳሳተ ስሌት ያስገዛኋቸው ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ 1.75 ኦም ብቻ ስለሆነ፣ የቮልቴጁን መውረድ ወደ 4.6 ቮልት አወረደላቸው። ለከረንቱ አላስፈለገም ነበር፤ ለቮልቴጁ ግን መፍትሔው እርሱ ሆኖ ተገኘ።