ባዶው ቦታ ሳይጠብ ሰዎቹ ሲቀጥኑ፦ በስፌት ቅነሳ ፎቶ የማጥበብ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሰፊ ፎቶን ጎኑን ሳይቆርጡ ለማጥበብ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ አንድ ፒክስል ስፋት ያላቸውን መንገዶች እየመረጡ መሰረዝ ሻይ አቪዳንና አሪኤል ሻሚር በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ ነው። እያንዳንዱን መንገድ ከዚህ በታች ስፌት እለዋለሁ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከጎረቤቶቹ ባለው የብርሃን ልዩነት ልክ ዋጋ ይሰጠዋል፤ ከዚያም በየረድፉ አንድ ፒክስል ብቻ እየያዘ፣ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ከአንድ ፒክስል በላይ ሳይዘል የሚወርደውንና የዋጋው ድምር ከሁሉ ያነሰውን ስፌት ሰርዞ ሥራውን እንደገና ይጀምራል። ፕሮግራሙ ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው ልዩነትን ብቻ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

ምልክት፦ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ቦታ እንዳለ ቀርቶ ሰዎቹ ራሳቸው ቀጥነዋል፣ ፊታቸውም ጠብቧል።

ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው፤ በተለይም የአገር ልብስ በለበሱ ሰዎች ፎቶ ላይ። ባለፎቶው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል፤ ፕሮግራሙ ግን የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። ነጭ ቀሚስና ነጭ ነጠላ በካሜራ ዓይን ልሙጥ ነው፤ በጥሩ ብርሃን የተነሣ ፊትም እንዲሁ። እኛ «ባዶ» የምንለው በመካከል ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ደግሞ እያንዳንዱ ቅጠል ጥላ ስላለው በልዩነት የተሞላ ነው።

አንድ የባልና ሚስት ፎቶ ወስደን በቁጥር እንየው። ፎቶው 3000 በ2000 ፒክስል ሲሆን፣ ለ50 በ40 ሴንቲሜትር ፍሬም እንዲስማማ ወደ 2500 መጥበብ አለበት፤ ስለዚህ 500 ስፌት ይወጣል። በባልና ሚስቱ መካከል 900 ፒክስል ክፍት ቦታ አለ፤ እያንዳንዳቸው 500 ያህል ይይዛሉ፣ በየዳሩም 550 ይተርፋል። በመካከል የሚወርድ ስፌት 600 ረድፍ ሰማይ ሲያልፍ በየፒክስሉ 2 ያህል፣ 1400 ረድፍ ቅጠልና ሣር ሲያልፍ ደግሞ 40 ያህል ይከፍላል፤ ድምሩ 57,200 ይሆናል። በሚስትየዋ ላይ የሚወርደው ስፌት ያንኑ ሰማይ አልፎ፣ ለ100 ረድፍ ፀጉር 20፣ ለ1000 ረድፍ ፊትና ልብስ 4፣ ከእግሯ በታች ላለው 300 ረድፍ ሣር 40 እየከፈለ በ19,200 ይጨርሳል። ርካሹ መንገድ በሰውነቷ መካከል የሚያልፈው ነው። 

መፍትሄው ሰዎቹን በማስክ መሸፈን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እንዳይነካው የሚፈለገውን ቦታ ለይቶ ማመልከት ነው። በፎቶሾፕ ሰዎቹን መርጠው እንደ አልፋ ቻናል ያስቀምጡና በ`Content-Aware Scale` ላይ `Protect` በሚለው ሳጥን ውስጥ ይምረጡት። እዚያው አጠገብ ያለችውን የሰው ምልክት ያለባት የቆዳ ቀለም መጠበቂያ ቁልፍ ብቻ ተጭነው «ጠብቄዋለሁ» የሚሉ ሰዎች ያስቸግሩኛል። ቁልፏ የምትፈልገው የቆዳ ቀለም ነው፤ ነጠላውን አታውቀውም። ውጤቱም ፊታቸው ደህና ሆኖ ትከሻቸው የጠበበ ሙሽሮች ናቸው። በጂምፕ የ`Liquid Rescale` ተጨማሪ ፕሮግራም የመጠበቂያ ማስክ ይቀበላል። በ`ImageMagick` ያለው `-liquid-rescale` ግን ማስክ ስለማይቀበል ለእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ አይሆንም።

በመካከላቸው ያለው ቦታ ከላይ እስከ ታች ክንድም ሆነ የቀሚስ ዘርፍ የማይገባበት ከሆነ ግን ማስክ ሳያስፈልግ የሚሠራ የተሻለ መንገድ አለ። ያንን ባለ 900 ፒክስል ቁራጭ ለብቻው አውጥተው ወደ 400 ያጥብቡትና ቀኙንና ግራውን መልሰው ያስጠጉ። ሰዎቹ ያሉበት ክፍል በፕሮግራሙ እጅ ስላልገባ ሊበላሽ አይችልም።

ምልክት፦ ማስክ ተደርጎም ሰዎቹ ይቀጥናሉ።

ኮዱን ራሳቸው የጻፉ ሰዎች ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማየው፣ ስፌት በወጣ ቁጥር ማስኩም አብሮ መጥበቡን ነው። ፎቶው እየጠበበ ማስኩ እንዳለ ከቀረ፣ ከመቶ ስፌት በኋላ በቀኝ ያለው ሰው እስከ መቶ ፒክስል ወደ ግራ ሸሽቶ ማስኩ ከኋላው ያለውን ቁጥቋጦ ሲጠብቅ ይገኛል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የግራው ሰው ደህና ሆኖ የቀኙ ብቻ ይበላሻል።

```python
E = energy(img.astype(float)) + 1e6 * mask
# keep: የሚቀሩት ፒክስሎች True የሆኑበት ሠንጠረዥ
img  = img[keep].reshape(h, w - 1, 3)
mask = mask[keep].reshape(h, w - 1)
```

ሁለተኛው ምክንያት የማስኩ ዋጋ ማነስ ነው። 1000 ቢሰጡት፣ 57,200 ከሚከፍል ይልቅ የትከሻን ጫፍ በጥቂት ረድፎች ብቻ ቆርጦ የሚያልፍ ስፌት አሁንም ሊያዋጣ ይችላል። የአንድ ፒክስል ቅጣት ከሙሉ መንገድ ድምር መብለጥ አለበት፤ ከላይ አንድ ሚሊዮን የተጻፈው ለዚህ ነው። ፎቶው ባለ 8 ቢት ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ሲሰላ ከ0 በታችና ከ255 በላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ትርጉም ስለሚያጣ `astype(float)` የምትለውን እንዳትዘሏት።

ምልክት፦ ሰዎቹ ደህና ናቸው፤ ነገር ግን የጠበበው መካከሉ ሳይሆን ዳሩ ነው።

ዳሩም መካከሉም አንድ ዓይነት ሣር ስለሆነ ዋጋቸው ይቀራረባል፤ ፕሮግራሙም ሰዎቹን የማቀራረብ ግዴታ የለበትም። ከመካከለኛው ቦታ በቀር ሁሉንም፣ ዳሮቹን ጨምሮ፣ በማስክ ይሸፍኑ። በተጨማሪም መካከሉን እስከ መጨረሻው አያሟጥጡት፤ ክፍት ቦታው ሲያልቅ ሁሉም መንገድ እኩል ውድ ስለሚሆን ፕሮግራሙ ወደ ሰዎቹ ይመለሳል።

ምልክት፦ መካከሉ ልሙጥ ግድግዳ ወይም ሰማይ ሆኖ ሳለ ስፌቱ ይሸሸዋል።

ምክንያቱ ኖይዝ ነው። በደካማ ብርሃን በከፍተኛ አይኤስኦ የተነሣ ወይም በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ ፎቶ፣ በዓይን የማይታይ ነቁጥና የጄፔግ 8 በ8 ካሬዎች ጠርዝ ይሞላዋል። ዋጋውን ከደበዘዘ ቅጂ ላይ ያስሉ፤ ስረዛውን ግን በዋናው ፎቶ ላይ ይፈጽሙ። የደበዘዘውን ቅጂ ራሱን አጥብቦ የሚያስረክብ ሰውም አጋጥሞኛል። ከሁሉ በፊት ግን ደንበኛው ዋናውን ፋይል እንዲያመጣ ይጠይቁ፤ «ያው ነው» ቢልም ያው አይደለም።

ምልክት፦ አግድም ዘንበል ያሉ መስመሮች እንደ ደረጃ ተሰባብረዋል።

የመጀመሪያው ስሌት የሚመለከተው የሚወጣውን ፒክስል ዋጋ እንጂ፣ ከወጣ በኋላ አዲስ ጎረቤታሞች የሚሆኑት ፒክስሎች የሚፈጥሩትን ልዩነት አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ሩቢንስታይን፣ ሻሚርና አቪዳን ያቀረቡት ወደፊት የሚያይ ስሌት ይህንን ያሻሽላል። ጡብ፣ የብረት አጥርና የተጠለፈ መጋረጃን ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አያድናቸውም።

ምልክት፦ ሰዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሳለ ክንዳቸው አጥሯል።

በመካከላቸው የሚወርድ ስፌት ሁሉ የተያያዘውን ክንድ መሻገር ግዴታው ነው። ክንዱን በማስክ መሸፈን በመካከል ያለውን መንገድ ሁሉ እኩል ከማስወደድ በቀር ምንም አይፈይድም፤ መካከሉን ካጠበቡ ክንዱም አብሮ ያጥራል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ከጎንና ከጎን ቆርጠው ያትሙት፤ ዳሩ ካልበቃ ደግሞ ሰፋ ያለ ፍሬም ይምረጡለት።