ባለ ሁለት ገጽ ኮንሰፕት ኖት እንዴት ይጻፋል?

ኮንሰፕት ኖት ያጠረ ፕሮፖዛል አይደለም። ለጋሹ የፕሮጀክት ሐሳባችሁን ይፈልገው እንደሆነ መጠየቂያ ነው። አይሆንም ቢላችሁ የሚባክነው ጥቂት ቀን ነው፤ ሙሉ ፕሮፖዛል ግን ሳምንታት ይበላል።

መጀመሪያ ለጋሹ በቅርብ ዓመታት ለማን፣ የት፣ ምን ያህል እንደሰጠ ድረ ገጹ ላይ እዩ። 2 ሚሊዮን ብር አካባቢ ለሚሰጥ ድርጅት የ15 ሚሊዮን ሐሳብ አይላክም። የራሱ ቅጽ ካለው እሱን ሙሉ።

የመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄውን በሙሉ ይያዝ። ለምሳሌ፦ "በአንድ ወረዳ ሥራ ያቆሙ 14 የእጅ ውሃ ፓምፖችን ለመጠገንና ዳግም እንዳይቆሙ ለማድረግ ለ18 ወራት 2.4 ሚሊዮን ብር እንጠይቃለን።" ብዙ ሰው ድርጅቱ መቼ እንደተመሠረተ በመተረክ ይጀምራል። አንባቢው እዚያው ይሰለቻል። ስለ ራሳችሁ አምስት መስመር፣ ያውም መጨረሻ ላይ፣ ይበቃል።

ቀጥሎ ግማሽ ገጽ ለችግሩ ስጡ። ብዙው ኮንሰፕት ኖት የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። "በአካባቢው ከፍተኛ የንጹሕ ውሃ እጥረት አለ" ቢባል የትኛውም ወረዳ ሊሆን ይችላል። "አዲስ ጉድጓድ የለም" ማለትም ችግር አይደለም፤ መፍትሔውን ገልብጦ መጻፍ ነው። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "በወረዳው ካሉት 40 ፓምፖች 14ቱ ቆመዋል። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት መዝገብ እንደሚለው 9ኙ የቆሙት መለዋወጫ ጠፍቶ ነው።" አሁን ምክንያቱ ታወቀ። ሥራችሁም ከዚያ ይመዘዛል፦ የመለዋወጫ መደብር፣ የሠለጠኑ ጠጋኞች፣ ገንዘብ የሚሰበስብ የውሃ ኮሚቴ። ከምክንያቱ ጋር የማይያያዝ ሥራ ካለ፣ የቱንም ያህል ብትወዱት አውጡት።

የምትሠሩትንና የሚመጣውን ለውጥ በአንድ ገጽ ጨርሱ። "14 ፓምፖች ጠገንን" ሥራ ነው። "ከዓመት በኋላ ቢያንስ 12ቱ ውሃ ይሰጣሉ" ለውጥ ነው። ለጋሹ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

በጀቱ አራት መስመር ይሁን፦ መለዋወጫ 1,000,000፣ ሥልጠና 500,000፣ ክትትልና ጉዞ 540,000፣ አስተዳደር 360,000 ብር። አስተዳደሩ 15 በመቶ መጣ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድርጅቱ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ ለጋሹ የራሱ ጣሪያም ሊኖረው ስለሚችል አስቀድማችሁ አጣሩ። የሳሙናና የእስክሪብቶ ዝርዝር ለፕሮፖዛሉ ይቆይ።

ስትልኩ ኢሜይሉን በጥያቄ ዝጉት፦ "ሐሳቡ ከእናንተ ትኩረት ጋር ይሄዳል? ሙሉ ፕሮፖዛል እናቅርብ?" ሁለት ሳምንት ዝም ካሉ አንዴ አስታውሱ። "ግሩም ሐሳብ ነው፣ በርቱ" የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ጨዋ እምቢታ ነው። "በጀቱ ለምን እንዲህ ሆነ? ወረዳው ምን ያዋጣል? መቼ ትጀምራላችሁ?" ብለው ከጠየቁ ግን ሐሳቡ ስቧቸዋል፤ ፕሮፖዛሉን መጻፍ ጀምሩ።