ካርዱ ላይ ልክ፣ ፈተናው ላይ ስህተት፦ የኤሌክትሮላይት መዛባት ጥናት ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ምህጻረ ቃሉን ይወርዱታል፣ ጥያቄውን ይስታሉ

ሁልጊዜ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። አራት ኪሎ ማታ ማታ የማስጠናቸውን የነርሲንግ ተማሪዎች "ካትስ" ስላቸው በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝሩልኛል፦ ኮንቫልሽን፣ አሪትሚያ፣ ቴታኒ፣ ስፓዝምና ስትራይደር። የካልሲየም ማነስ ምልክቶች ናቸው፣ ልክ ነው። ከዚያ ጥያቄውን አዞረዋለሁ። "የእንቅርት ኦፕራሲዮን የተደረገላት ሴት በማግስቱ ከንፈሬን ይነዝረኛል አለች። የደም ግፊት ስትለኪያት እጇ ተኮማተረ። ምን ተዛብቷል?"

አንዷ ሳታስብ "ፖታሲየም ነው ሲስተር" አለችኝ። ካርዶቿን ሳይ ካትስ የመጨረሻው ፖስታ ውስጥ ነው፤ በደንብ የምታውቃቸውን የምታስቀምጥበት። ሌላው ደግሞ "ካልሲየም በዝቷል" አለ። ጡንቻ የሚኮማተረው የሆነ ነገር ሲበዛ ነው ብሎ ነው።

ምክንያት

ሁለት ነው። አንደኛው፣ ካርዱ የሚሄደው ከስም ወደ ዝርዝር ብቻ ነው። ፈተናው ደግሞ የሚመጣው ከታካሚው ወደ ስሙ ነው። በአንድ በኩል የተለማመዳችሁት ነገር በሌላው በኩል ስትጠየቁ በራሱ አይመጣም።

ሁለተኛው የካልሲየም የራሱ ጠባይ ነው። "ማነስ" ሲባል ድካም ይመስላል። ግን ከነርቭ ሴሉ ውጪ ያለው ካልሲየም የሶዲየም በሮቹን አረጋግቶ የሚይዝ ነው። ሲያንስ በሮቹ በትንሽ ነገር ይከፈታሉ፣ ነርቩ በቀላሉ ይነሳሳል። ስለዚህ መንዘር፣ መኮማተር፣ ከባሰም መንቀጥቀጥ ይመጣል። ይህን ያልገባው ተማሪ አምስቱን ፊደል ቢሸመድድም አቅጣጫውን በግምት ነው የሚመልሰው።

መፍትሄ

ካትስን በአንድ ካርድ አትጻፉ። በታትኑት። ከፊት አንድ ታካሚና አንድ ምልክት ይኑር፤ ከኋላ ስሙ፣ አቅጣጫውና የአንድ መስመር ምክንያት። የዚያችን ሴት ጉዳይ እንዲህ ነው የምንሰራው፦

የመጀመሪያው ካርድ፦ "እንቅርት ኦፕራሲዮን፣ በማግስቱ ከንፈርና ጣት ይነዝራል።" ከኋላው፦ "ካልሲየም አንሷል። ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ከታይሮይድ ጀርባ ናቸው፤ በቀዶ ሕክምናው ተነክተው ይሆናል።"

ሁለተኛው፦ "የግፊት መለኪያው ከላይኛው ግፊት በላይ ተነፍቶ እስከ 3 ደቂቃ ቆየ፣ እጇ ተኮማተረ።" ከኋላው፦ "የትሩሶ ምልክት፣ ካልሲየም አንሷል።"

ሦስተኛው፦ "ያቺው ሴት ስትተነፍስ ጉሮሮዋ መጮህ ጀመረ።" ከኋላው፦ "ስትራይደር፣ የላሪንክስ መኮማተር። ድንገተኛ ነው፤ የአየር መንገዱን ጠብቂ፣ ሐኪም ጥሪ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ካልሲየም ግሉኮኔት አዘጋጂ።"

አደራረጉ ቀላል ነው። ዛሬ የሰራችሁትን ነገ እዩት፣ ከዚያ በ3 ቀን፣ በ7፣ በ14። የተሳሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ፖስታ ይመለሳል። ግማሽ ልክ የሚባል የለም! ስሙን አግኝታችሁ አቅጣጫውን ከሳታችሁ ስታችኋል። ደግሞም የማነሱንና የመብዛቱን ካርድ በተከታታይ አትደርድሩ፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው መልሱን ይነግረዋል።

ለአቅጣጫው የምሰጣቸው መስመር ይህ ነው፦ ካልሲየም ሲወርድ ያንዘፈዝፋል፣ ሲወጣ ያፈዛል። ሲበዛ ድብታ፣ የሰነፈ ሪፍሌክስና የሆድ ድርቀት ነው የሚመጣው። ማግኒዚየምም በዚሁ መስመር ይሄዳል።

ፖታሲየም ላይ ግን እንዳትጠቀሙበት! ፖታሲየም ሲያንስም ሲበዛም ጡንቻ ይደክማል። የሚለያቸው ኢሲጂው ነው፦ ሲበዛ ቲ ሞገድ ሹል ሆኖ ይቆማል፤ ሲያንስ ይተኛል፣ ዩ ሞገድ ይከተለዋል። እነዚህን ሁለቱን በእጃችሁ ሳሏቸው። በጽሑፍ ብቻ የያዘ ሰው ይቀላቅላቸዋል።

ሌሎች ችግሮች

*"መርደር" ለፖታሲየም መብዛት አልያዝ አለ።* መጨረሻው "አር" ሪፍሌክስ ነው፤ ብዙ ቅጂ ላይ "ይጨምራል ወይም ይቀንሳል" ይላል። ሁለቱንም የሚል ፊደል ምን ያስተምራል? ሰርዙት፣ በምትኩ የሹሉን ቲ ካርድ አስገቡ።

*መደበኛው መጠን ይምታታል።* በቴሌግራም የሚዞረው ካርድ መለኪያ አይጽፍም። የካልሲየም 8.5–10.5 በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ በሚሊሞል በሊትር ከሆነ 2.1–2.6 ገደማ ነው። መለኪያ የሌለው ቁጥር ካያችሁ ካርዱን ጣሉት።

*ሳምንት ዘለላችሁና ካርዱ ተከመረ።* አዲስ ካርድ አቁሙ። ከመጀመሪያው ፖስታ ጀምራችሁ በቀን የምትችሉትን ያህል አውርዱ፤ ክምሩ ሳያልቅ አዲስ አትጨምሩ።