ቲ ቴስት ወይስ ካይ ስኩዌር? የፈተናው ጥያቄ ሲያደናግር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት እየመጡ ባዮስታቲስቲክስ የሚያጠኑ የማታ ተማሪዎች አሉ። አብዛኞቹ ነርሶች ናቸው። ስሌቱ አይከብዳቸውም፤ የሚሳሳቱት ከስሌቱ በፊት፣ ቴስቱን ሲመርጡ ነው። ባለፈው ይህችን ጥያቄ ሰጠኋቸው፤ ቁጥሮቹን ለልምምድ ብዬ የፈጠርኳቸው እኔው ነኝ።

«በከተማዋ ዳርቻ ባለ ጤና ጣቢያ የወለዱ 120 እናቶች ተጠኑ። 60ዎቹ የእርግዝና ክትትል አራት ጊዜና ከዚያ በላይ አድርገዋል፤ 60ዎቹ ከአራት ጊዜ በታች። የእናቶቹ አማካይ ዕድሜ 26 ዓመት ነው። ከ2500 ግራም በታች የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ቡድን 10 በመቶ፣ በሁለተኛው 30 በመቶ ናቸው። በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አለ?»

ምልክት፦ «ቁጥር አለበት፣ አማካይም አለበት፣ ልዩነትም ይላል፤ እንግዲያው ቲ ቴስት ነው»

ከአምስቱ ሦስቱ እንዲህ ብለው መለሱ። ምክንያቱ ጥያቄው ላይ የታተመውን ቁጥር ማየታቸው ነው። 10 በመቶ ቁጥር ይመስላል እንጂ ከማንም ሕፃን ላይ አልተለካም፤ ከቆጠራ በኋላ የመጣ ነው። አማካይ ዕድሜዋም ለማሳሳት የገባች ናት፤ ጥያቄው ስለ ዕድሜ አይጠይቅም። «ልዩነት» የሚለውም ቃል ምንም አይጠቁምም፣ ሁለቱም ቴስቶች ልዩነት ይፈልጋሉ።

መፍትሄው አንድ ሕፃን ብቻ ይዞ መዝገቡን በሐሳብ መግለጥ ነው። ከዚህ ሕፃን ስም ጎን ለውጤት ምን ተጻፈ? «ከ2500 በታች ነው» ወይም «አይደለም» ከሆነ ምድብ ነው፤ ቡድኑም ምድብ ነው። ሁለት ምድቦች ሲገናኙ ካይ ስኩዌር። ከስሙ ጎን «2840 ግራም» የሚል ቢሆን ግን ልኬት ነው፤ የሁለት ቡድን አማካይ ስለሚነጻጸር ቲ ቴስት ይሆናል።

ያው ሚዛን፣ ያው ሕፃን ነው። ጠያቂው ክብደቱን 2500 ላይ ስለቆረጠው ብቻ ቴስቱ ተለወጠ። ጥያቄው «የመጀመሪያው ቡድን አማካይ ክብደት 3100፣ የሁለተኛው 2800 ግራም፣ የሁለቱም ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 500» ቢል ኖሮ ቲ 3.29 ገደማ ይወጣ ነበር።

ምልክት፦ «ካይ ስኩዌር መርጫለሁ፤ መልሱ ግን 12.5 ወጣ፣ ምርጫዎቹ ውስጥ የለም»

ይሄ ቴስቱን በትክክል የመረጡትን ሁለቱን የያዘ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ 10፣ 90፣ 30 እና 70 አስገብተዋል፤ በመቶኛውን ማለት ነው። ካይ ስኩዌር የሚፈልገው የሰው ቁጥር ነው። በመቶኛ ስታስገቡለት በየቡድኑ 60 ሳይሆን 100 እናት ያለ ይመስለዋል፣ ውጤቱም ያለ አግባብ ያብጣል።

ስለዚህ ወደ ሰው መልሱት። የ60 አሥር በመቶ 6 ነው፣ ሠላሳ በመቶው 18። ከ2500 በታች የሆኑት በድምሩ 24 ስለሆኑ፣ ክትትል ለውጥ ባያመጣ ኖሮ በየቡድኑ 12 ይጠበቅ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ 48። ከተጠበቀው ያለው ርቀት በአራቱም ክፍል 6 ነው፦

```
36/12 + 36/12 + 36/48 + 36/48 = 7.5
```

በአንድ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም፣ በ0.05 ደረጃ፣ ወሰኑ 3.84 ነው። 7.5 ስለሚበልጥ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አለ እንላለን። ክትትሉ ክብደቱን ጨመረ ማለት ግን አይደለም፤ ደጋግመው የሚከታተሉት እናቶች በኑሮም ሊሻሉ ይችላሉ።

ምልክት፦ «ውጤቱ 1 እና 2 ተብሎ ስለተጻፈ ልኬት ነው»

አይደለም፤ ኮድ ነው። ወንድ 1፣ ሴት 2 ተብሎ ከተመዘገበ የሁለቱ አማካይ 1.5 ምን ዓይነት ሰው ነው? አማካዩ ትርጉም ከሌለው ቲ ቴስት አይገባም።

ምልክት፦ ሁለቱም የማይገጥሙ ሲመስል

አንዳንዴ በእርግጥም አይገጥሙም። የሚጠበቀው ቁጥር ከ5 በታች የሆነ ክፍል ካለ (የተገኘው ሳይሆን የሚጠበቀው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል) ፊሸር ኤግዛክት ይሻላል። አማካያቸው የሚነጻጸረው ቡድኖች ሦስት ከሆኑ አኖቫ ነው። አንዲቷ እናት ከምክር በፊትና በኋላ ደሟ ተለክቶ ሄሞግሎቢኗ በቁጥር ከተጻፈ ጥንድ ቲ ቴስት ነው፤ «ደም ማነስ አለባት፣ የለባትም» ብቻ ከተባለ ግን ማክኔማር ነው እንጂ ተራው ካይ ስኩዌር አይሆንም፣ ምክንያቱም ያቺው ሴት ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች።