ቦታ በሌለው አሮጌ ስልክ ላይ አፕዴት ልጫን ወይስ ልተወው?

ስልኬ 32 ጊጋ አንድሮይድ ነው፣ ባዶ የቀረው 1.1 ጊጋ ብቻ። «አፕዴት መጥቷል» እያለ ሲነዘንዘኝ መጀመሪያ ዝርዝሩን ከፍቼ አነበብኩ፣ ምክንያቱም ሁሉም አፕዴት አንድ አይደለም። የአንድሮይዱን ቁጥር የሚቀይር ከሆነ፣ ከ10 ወደ 11 እንደማለት፣ ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋ ያልፋል፤ አሮጌ ስልክንም ሊያንቀራፍፍ ይችላል፤ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ ቀላል አይደለም። እሱ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። የእኔ ግን 380 ሜጋ የሴኩሪቲ ማስተካከያ ነው። የባንክ አፕ እየተጠቀሙ ይሄን መዝለል አያዋጣም።

ጫን ስለው «በቂ ቦታ የለም» አለኝ። 1.1 ጊጋ እያለ? ለካ ፋይሉ ወርዶ ሲፈታ ከራሱ መጠን በላይ ቦታ ይፈልጋል።

ፎቶ መሰረዝ ውስጥ አልገባሁም። Settings ውስጥ Storage ከፍቼ ሳይ ቦታውን የበላው ቴሌግራም ነው፣ 4 ጊጋ! ቴሌግራም ላይ Settings > Data and Storage > Storage Usage ገብቼ Clear Cache አልኩት። ቻቱ አይነካም፤ ቪዲዮና ፎቶውም ሰርቨር ላይ ስላለ፣ የላከው ሰው ካላጠፋው በቀር፣ ሲፈለግ እንደገና ይወርዳል። ዋትስአፕ ላይ ግን እንዲህ እንዳትሞክሩ፣ እዚያ ከስልኩ የጠፋ ቪዲዮ ላይመለስ ይችላል።

ከዚያ ለማንኛውም ብዬ ፎቶዎቼን ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩ፣ ቻርጀር ሰካሁና ጫንኩት። ስልኩ እንደተነሳ ትንሽ ይሞቃል፣ ይንቀራፈፋል። አፖቹን እያስተካከለ ስለሆነ ቶሎ አትፍረዱበት። የእኔ ሲረጋጋ ከ4 ጊጋ በላይ ባዶ ቦታ ተረፈኝ፣ የባንክ አፑም በደንብ ይሰራል።