ኮሌስትሮልዎ «ደህና ነው» ቢባልም ሊፖፕሮቲን ኤን እንዴት ማስለካት እንደሚቻል

ፒያሳ አካባቢ ባለ ላቦራቶሪ ስሠራ የማልረሳው አንድ የውጤት ወረቀት አለ። ባለቤቱ የ46 ዓመት ጎልማሳ ናቸው። ወንድማቸው በ43 ዓመቱ የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ አርፏል፤ አባታቸውም ሃምሳ ሳይሞላቸው በድንገት ነው የሞቱት። «የእኔ ኮሌስትሮል ግን ደህና ነው ተብያለሁ» አሉኝ። ወረቀቱም እንዲሁ ይላል፤ ቢሆንም ልባቸው አላረፈም። ትክክል ነበሩ።

መጀመሪያ የእርስዎን ወረቀት አውጥተው ይዩ። የሳቸው ጠቅላላ ኮሌስትሮል 190፣ ጥሩ የሚባለው 45፣ ትራይግሊሰራይድ 125 ነበር። ብዙ ላቦራቶሪዎች «መጥፎ» የሚባለውን ኮሌስትሮል በቀጥታ አይለኩትም፤ ያሰሉታል። ከጠቅላላው ላይ ጥሩውን ይቀንሳሉ፣ የትራይግሊሰራይዱን አንድ አምስተኛም ይቀንሳሉ። 190 ሲቀነስ 45 ሲቀነስ 25፣ የቀረው 120 ነው።

ችግሩ እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው። ሊፖፕሮቲን ኤ ራሱ ኮሌስትሮል የተሸከመ ቅንጣት ስለሆነ፣ የያዘው ኮሌስትሮል ከ120ው ጋር አብሮ ተደምሯል። ሁለት ዓይነት እህል በአንድ ከረጢት ተደርጎ እንደመመዘን ነው፤ ሚዛኑ አልዋሸም፣ ግን የትኛው እህል ስንት እንደሆነ አይነግርም። ሊፖፕሮቲን ኤ ከመጥፎው ኮሌስትሮል ቅንጣት የሚለየው በላዩ ላይ አንድ ተጨማሪ ረጅም ፕሮቲን ስለተጣበቀበት ነው። ሁለቱም የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይገባሉ። ሊፖፕሮቲን ኤ ግን የደም ሥሩን የሚያስቆጣ የተበላሸ ስብ ስለሚሸከም፣ በቁጥር ሲነጻጸር ጉዳቱ የከፋ ነው። የልብን ዋና ቫልቭም በጊዜ ብዛት ሊያጠነክርና ሊያጠብ ይችላል።

መጠኑን የሚወስነው በአብዛኛው በክሮሞዞም 6 ላይ ያለ አንድ ጂን ነው። ጂኑ የሚሠራው ያ ረጅም ፕሮቲን በውስጡ አንድ ዓይነት ክፍል ደጋግሞ ይዟል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ከወላጅ ይወረሳል። ድግግሞሹ ጥቂት ሲሆን ፕሮቲኑ አጭር ይሆናል፣ ጉበትም አጭሩን በብዛት ያመርታል። ስለዚህ መጠኑ በልጅነት ይረጋና ዕድሜ ልክ ብዙም ሳይለወጥ ይቆያል። ቅቤ መተውም ሆነ በየጠዋቱ መራመድ ይህን ቁጥር አያወርደውም፤ ለሌላው ግን ይጠቅማሉ።

ቀጥሎ ምርመራውን በስሙ ይጠይቁ፤ ካልተጠየቀ አይሠራም። እዚህ ላይ የማየው ስህተት አለ፦ በትልቋ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው አፖሊፖፕሮቲን ኤ ሌላ ምርመራ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት በትንሿ ፊደል፣ በቅንፍ ውስጥ የሚጻፈውን ነው። ትእዛዙን ሐኪሙ ሲጽፍ አብረው ይዩት። ላቦራቶሪው ራሱ ይሠራው ወይም ናሙናውን ወደ ሌላ ቦታ ይልክ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ፤ የሚጠብቁት ጊዜ በዚያ ይለያያል። መጾም አያስፈልግም፣ ትኩሳት ወይም ከባድ ኢንፌክሽን ካለ ግን እስኪያልፍ ይቆዩ።

ውጤቱ ሲመጣ ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን ያንብቡ። በናኖሞል በሊትር ከሆነ ከ75 በታች ዝቅተኛ ነው፤ ከ125 በላይ ከፍተኛ ነው። በሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ድንበሮቹ 30 እና 50 ናቸው። አንዱን ወደ ሌላው በማባዛት ለመቀየር አይሞክሩ፤ የፕሮቲኑ ርዝመት ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሠራ ማባዣ የለም።

የእኒያ ሰው ውጤት 210 ናኖሞል ሆነ። ሐኪማቸው ስታቲን የሚባለውን ኪኒን አዘዙላቸው። እሳቸው ከወራት በኋላ በራሳቸው ፈቃድ አስለክተው ቁጥሩ እንዳልወረደ ሲያዩ ኪኒኑን ሊያቆሙ ነበር። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ስታቲን ሊፖፕሮቲን ኤን አይቀንስም፣ ጥቂት ከፍ ሊያደርገውም ይችላል። የታዘዘው በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ሌላውን እህል እንዲያጎድል ነው፤ አንዱ አደጋ የማይነካ ሲሆን የሚነካው ይበልጥ ይወርዳል። ደም ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራም በዚያው ምክንያት ጠበቅ ብለው ይታያሉ። ሊፖፕሮቲን ኤን በቀጥታ የሚያወርዱ መርፌዎች በምርምር ላይ ናቸው።

ለአብዛኛው ሰው አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል። ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ጉዳዩ የቤተሰብ ይሆናል፤ ከፍተኛውን ጂን ከአንድ ወላጅ የመውረስ ዕድሉ ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው። ሰውየው ሁለት ልጆቻቸውንና የሟች ወንድማቸውን ልጅ ይዘው መጡ። ውጤታቸው በናኖሞል ሴት ልጃቸው 18፣ ወንዱ 190፣ የወንድማቸው ልጅ 170 ሆኑ። የወንድማቸው ልጅ ገና 19 ዓመቱ ነው።